«ተራዝሟል» ካላችሁ ቀኑን ንገሩን፣ ካልሆነ ብራችንን መልሱ

«ውድ ደንበኞቻችን፣ ኮንሰርቱ ከአቅማችን በላይ በሆነ ምክንያት ላልተወሰነ ጊዜ ተራዝሟል። የገዛችሁት ትኬት ለቀጣዩ ፕሮግራማችን ያገለግላል። ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን።»

ይህን የለጠፋችሁት ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። በሩ ይከፈታል የተባለው 11 ሰዓት ላይ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ታናሽ እህቴ ፀጉሯን ተሠርታ ከጎኔ ተቀምጣለች፣ ጓደኛችን ደግሞ ከእጮኛው ጋር ከአዳማ መጥቶ አልጋ ይዞ እየጠበቀን ነው። አራት ትኬት፣ አንዱ በ1,500 ብር፣ በድምሩ 6,000 ብር። ከሦስት ሳምንት በፊት በቴሌብር የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ማመን ስላቃተን ቦታው ድረስ ሄድን። መድረክ የለም። ሳውንድ የለም። ሣሩ ላይ የመድረኩ ብረት የረገጠው ምልክት ብቻ ቀርቷል። ጥበቃውን ጠየቅናቸው። «ልጆቹ እኮ ትናንት ማታ ብረቱን ጭነው ሄዱ» አሉን። ትናንት ማታ! ዓርብ ማታ መድረኩን ስታስነሱ ኮንሰርቱ እንደማይኖር ታውቁ ነበር ማለት ነው። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ግን ቻናላችሁ «ጥቂት ትኬቶች ቀርተዋል፣ ፍጠኑ» ይል ነበር። ስክሪንሾቱ አለኝ።

ኮንሰርት ሊቀር ይችላል። ዘፋኝ ይታመማል፣ ፈቃድ ይከለከላል፣ አገር ሐዘን ላይ ይሆናል። ይሄ ለማንም ይገባዋል። የማይገባኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

መጀመሪያ ይቺ «ተራዝሟል» የምትል ቃል። የተራዘመ ነገር ቀን አለው። ለሚቀጥለው ወር 15 ተራዝሟል ብትሉ፣ የሚመቸው ይጠብቃል፣ የማይመቸው ብሩን ይጠይቃል። ቀን የሌለው መራዘም መሰረዝ ነው። ቃሉ የተመረጠበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ተሰርዟል ካላችሁ በማግስቱ ብር መመለስ ልትጀምሩ ነው፣ ተራዝሟል ካላችሁ ግን ሰው ሁለት ሳምንት ይጠብቃል፣ ከዚያ አንድ ወር፣ ከዚያ ይረሳዋል። «ለቀጣዩ ፕሮግራም ያገለግላል» የሚለውም ያው ነው። እኔ የገዛሁት የዚያን ዘፋኝ የዚያን ምሽት ኮንሰርት ነው። የሌላ ሰው ፕሮግራም እንድትሰጡኝ አልጠየቅኳችሁም።

ሁለተኛው «ከአቅም በላይ» ነው። ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አፉን ይይዛል። ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ትርጉም አለው። ቁጥር 1792 ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ነገሩ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል መሆን አለበት፣ ውሉን መፈጸምንም ፈጽሞ የሚከለክል መሆን አለበት። ከባድ ሆነብኝ፣ ወጪው ጨመረብኝ አይበቃም። የመንግሥት ክልከላ ከአቅም በላይ ሊባል ይችላል። ግን ፈቃዱ እጃችሁ ሳይገባ ትኬት መሸጥ ከጀመራችሁ፣ ሊከለከል እንደሚችል ማሰብ ነበረባችሁ። ስለዚህ «ከአቅም በላይ» ብሎ ማቆም አይቻልም። ምንድን ነው የሆነው? መቼስ አወቃችሁ?

ደግሞ እሺ፣ በእውነት ከአቅም በላይ ነበር እንበል። ከዚህ የሚያድናችሁ ካሳ ከመክፈል ብቻ ነው። የእኛን ጉዳይ ውሰዱ። ጓደኛዬ ለመኪናና ለአልጋ 2,800 ብር አውጥቷል። ይህ ኪሳራ ነው፣ ካሳ ይባላል፣ ምክንያታችሁ እውነተኛ ከሆነ ላትከፍሉት ትችላላችሁ። እኛም ችለነው እንቀመጣለን። 6,000 ብሩ ግን ካሳ አይደለም። ላልሰጣችሁት አገልግሎት የተቀበላችሁት ዋጋ ነው። ውል ሲሰረዝ ሁለቱም ወገኖች ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ ይላል ቁጥር 1815። እኔ የምመልስላችሁ ነገር የለም፣ ምንም አልሰጣችሁኝም። እናንተ የምትመልሱት አላችሁ። ትኬቱ ጀርባ ላይ በደቃቁ የተጻፈችው «የተሸጠ ትኬት አይመለስም» የምትለዋም አታድናችሁም። እሷ የምትሠራው እኔ ሐሳቤን ቀይሬ ስቀር ነው። የቀራችሁት እናንተ ናችሁ።

ስልክ ያነሳችልኝ ልጅ ጨዋ ናት፣ እሷን አልወቅስም። ግን በጭንቀት ያመለጣት ነገር ሁሉን ነገር አስረዳኝ። «ብሩ እኮ ለአርቲስቱ ቀብድና ለሳውንድ ተከፍሏል፣ እጃችን ላይ የለም» አለችኝ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የብዙ ኮንሰርት ወጪ የሚሸፈነው በቅድሚያ በተሸጠ ትኬት ነው። ሰው የከፈለው ብር እስከ ኮንሰርቱ ቀን አይቀመጥም፣ ገና በገባበት ሳምንት ለቀብድ፣ ለአዳራሽና ለማስታወቂያ ይወጣል። ኮንሰርቱ ሲቀር አዘጋጁ ቀብዱን ከአርቲስቱ ለማስመለስ ይሟገታል፣ እኛ ደግሞ የሙግቱን መጨረሻ እንድንጠብቅ ይነገረናል። እኔ ከአርቲስቱ ጋር ውል የለኝም። ቀብዱ ቢመለስም ባይመለስም የእኔን ብር የተቀበላችሁት እናንተ ናችሁ። የትኬት ብር ምሽቱ እስኪያልፍ ድረስ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፣ አዘጋጁ መነሻ ካፒታሉን ከራሱ ወይም ከስፖንሰር ያምጣ። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ገና ኮንሰርት ለማዘጋጀት አልደረሰም ብዬ አምናለሁ።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። እዚያም የሐበሻ ኮንሰርት ቀርቶባት ያውቃል። አዘጋጁ ዝም ሲላት ካርዷን ለሰጣት ባንክ ቅሬታ አቀረበች፣ ባንኩም ብሯን መለሰላት። እኛ በቴሌብር ስንልክ ብሩ ወዲያው ተቀባዩ ሒሳብ ውስጥ ይገባል፣ መመለስ የሚችለው የተቀበለው ሰው ነው። አዘጋጆችም ይህን ያውቃሉ። ለ6,000 ብር ብሎ ማንም ፍርድ ቤት እንደማይመላለስም ያውቃሉ።

ስለዚህ ብቻችንን አልመጣንም። ትኬት የገዛን 31 ሰዎች ተገናኝተናል። 74 ትኬት ነው፣ 111,000 ብር። እያንዳንዳችን ከ127 የመጣውን የክፍያ መልእክት፣ የግብይት ቁጥሩንና የትኬቱን ፎቶ አንድ ላይ አሰባስበናል። ስልኩን የቀየረ ወይም መልእክቱን የሰረዘ ሰው አስቸግሮን ነበር፣ ከቴሌብር የግብይት ታሪኩ ላይ አገኘነው። ከዚያ አንድ የሕግ ባለሙያ ጓደኛችን ማስጠንቀቂያ ጻፈልን። ሕጉ ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ከመክሰስ በፊት በመርህ ደረጃ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይፈልጋል፣ የቴሌግራም ኮሜንት ለዚህ ብዙ አይረዳም። ማስጠንቀቂያውን ሰኞ ዕለት ቢሮአችሁ አስገብተን በቅጂው ላይ አስፈርመናል። 15 ቀን ሰጥተናችኋል። ካለፈ ለንግድ ቢሮ አቤት እንላለን፣ ክሱንም ለየብቻ ሳይሆን በአንድ መዝገብ እንከፍታለን።

ከዝርዝሩ ላይ የእያንዳንዱ ሰው ስም፣ የትኬት ብዛትና የከፈለበት ቁጥር አለ። የእኔ አራተኛው ነው። ብሩን በከፈልኩበት ቁጥር ላኩልኝ።