ዛሚር፦ ዜማ ነው ወይስ መግረዝ?

«መኃልየ መኃልይ 2፥12ን አንዱ ትርጉም ‹የዜማ ጊዜ ደረሰ› ይለዋል፣ ሌላው ‹የወይን መግረዣ ጊዜ›። የቱ ነው የተሳሳተው?» ብሎ አንድ ወዳጄ ጠየቀኝ።

ማንም አልተሳሳተም። ጣጣው ያለው «ዛሚር» የምትል የዕብራይስጥ ቃል ላይ ነው። መዝሙር ልትሆን ትችላለች፤ የግዕዙን «ዘመረ» የለመደ ጆሮ ወዲያው ወደዚያ ያደላል። መግረዝም ልትሆን ትችላለች። ኢሳይያስ 2፥4 ላይ ጦር ተቀጥቅጦ የሚሆነው ማጭድ ስሙን ያገኘው ከመግረዙ «ዛመር» ነው።

እዚህ ላይ መዝገበ ቃላት ብቻውን አያዋጣም፤ ስንኙን ማየት ያስፈልጋል። የዕብራይስጥ ግጥም እንደኛው ቤት መምታት ላይ አይቆምም። ሐሳብን ከሐሳብ ጋር ያጣምዳል፤ አንዱ ስንኝ ያለውን ቀጣዩ በሌላ ቃል መልሶ ይለዋል። ስለዚህ አንድ ቃል ካሻማህ ጥማዱን ጠይቀው። መዝሙር 19 ላይ ሰማያት «ቃዋቸው ወደ ምድር ሁሉ ወጣ፣ ቃላቸውም እስከ ዓለም ዳርቻ» ይላል። «ቃው» የተለመደ ፍቺው የመለኪያ ገመድ ነው። ታዲያ ገመድ ምን ይሠራል እዚያ? ጥማዱ «ቃላቸው» ስለሆነ የግሪኩም ተርጓሚዎች ድምፅ ብለውታል፣ የኛም መጽሐፍ «ድምፃቸው» ይላል። አንዳንድ ሊቃውንት አንድ ፊደል ወድቆ ነው እንጂ «ቆል» (ድምፅ) ነበር ይላሉ። ይሁን፣ እነሱንም ወደዚያ የመራቸው ያው ጥማዱ ነው።

ዛሚር ግን ሁለት ጎረቤት አላት፦

አበቦች በምድር ላይ ታዩ፣
የዛሚር ጊዜ ደረሰ፣
የዋኖስም ድምፅ በአገራችን ተሰማ።

ወደ ላይ ካየህ አበባና ተክል ነው፣ መግረዝ ይመጣል። ወደ ታች ካየህ ወፏ እየዘመረች ነው። ሳይረስ ጎርደን የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1978 ይህን አሠራር ሁለት ፊት ባለው የሮማውያን አምላክ በጃኑስ ስም ጠራው። እኛማ ኅብረ ቃል ብለን እንጨርሰዋለን። ልዩነቱ እዚህ ለሁለቱም ፍቺ ምስክር የሚቆመው ከላይና ከታች ያለው ስንኝ መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። እ.ኤ.አ. በ1908 በጥንቷ የእስራኤል ከተማ በጌዜር የተገኘው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የእርሻ ወራት ዝርዝር «ዝምር» ለሚለው ሥራ ሁለት ወር ይሰጣል፤ አብዛኞቹ አጥኚዎች የወይን መግረዝ ነው ይሉታል። የተቀመጠው ግን ከገብስ አጨዳ በኋላ፣ በጋው ውስጥ ነው። የኛ ጥቅስ የሚያወራው ዝናቡ ገና እንዳለፈ ነው፤ ቁጥር 13 ላይ ወይኑ አብቧል። ያበበ ወይን ማን ይገርዛል?

ስለዚህ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ «ዜማ» ብዬ እጽፋለሁ። የግሪኩና የላቲኑ ተርጓሚዎች መግረዝን ሲመርጡ አበባውን አይተው ነውና፣ እነሱን ደግሞ ግርጌ ላይ አሰፍራቸዋለሁ።