የጎደለችው ዘጠና ብር

የሰፈራችን ሚኒ ማርኬት ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ማየት ከድራማ ይሻላል። ባለቤቱ ጋሼ ብር የሚቆጥሩት እየደመሩ ነው። «አራት ሺህ ሁለት መቶ፣ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ስልሳ...» ይላሉ። በዚህ መሃል አንዱ ገብቶ «ጋሼ እንደምን አመሹ?» ካላቸው አለቀ፤ እንደገና ከሀ ይጀመራል። ሰላምታ የሚጠሉ የሚመስሉት ለዚህ ነው።

ካሸሯ ግን ብሩን በየዓይነቱ ትለይና ፍሬውን ብቻ ትቆጥራለች። ብዜቱን ለወረቀት ትተዋለች። አንድ ማታ እንዲህ ጻፈች፦

200 × 23 = 4,600
100 × 41 = 4,100
50 × 36 = 1,800
10 × 64 = 640
5 × 27 = 135
1 × 38 = 38
0.50 × 6 = 3

ድምሩ 11,316 ብር። ጠዋት ለመልስ መሳቢያው ውስጥ የተቀመጠው 1,000 ብር ሲነሳለት 10,316 ይቀራል። የማሽኑ የቀን ሪፖርት ደግሞ 14,856 ሸጣችኋል ይላል። በስልክ የተከፈለው 4,450 ሲቀነስ መሳቢያው ውስጥ መገኘት ያለበት 10,406 ነው። ዘጠና ብር የለችም።

ወዲያው ችሎት ተቀመጠ። ጋሼ ዝም ብለው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ዘበኛው «ቅድም ያ ኮፍያ ያደረገው ልጅ...» ብሎ ምርመራ ጀመረ። አንዷ ደንበኛ ዳቦዋን እንደያዘች ቀረች፤ እንዲህ ያለ ነገር ጥሎ የሚሄድ ማን አለ?

ካሸሯ ግን ዘጠናዋን ከሰው ኪስ አልፈለገቻትም። መቶ ብር በአስር ብር ከተቆጠረ የሚጎድለው ልክ ዘጠና ነው። ስለዚህ ሌላውን ሳትነካ የአስር ብሩን እስር ፈታች። ከመሃል አንድ ታጥፎ የገባ መቶ ብር ወጣ። አስሩ 63፣ መቶው 42 ሆነ። ሂሳቡ ገጠመ። የጎደለው 150 ቢሆን ኖሮ ሃምሳዎቹን ነበር የምትፈታው፤ 200 ብር እዚያ ተሸጉጦ ይሆናላ። ጋሼ እየደመሩ ቢቆጥሩት ግን የትኛውን እስር ይፈቱ ነበር? ካሸሯን ያስሩ ነበር እንጂ!

ደግሞ ሲተርፍ ችሎት የለም። በማግስቱ 26 ብር ተረፈ፤ ጋሼ «ተመስገን» ብለው ኪሳቸው ከተቱት። ትርፉ ግን ከሰማይ አልወረደም። የ48 ብር ዕቃ የገዛ ሰው 50 ሰጥቶ በሁለት ብሩ ፈንታ ከረሜላ ተሰጥቶታል። ማሽኑ 48 መዝግቧል፣ መሳቢያው 50 ተቀብሏል፣ ከረሜላውን የመዘገበ የለም። እንዲህ ያለው አሥራ ሦስት ደንበኛ ሲመጣ 26 ብር ሞላ። ወር ሲያልቅ ጋሼ የከረሜላውን ካርቶን ከፍተው ግማሽ ሆኖ ሲያገኙት ዘበኛውን ጠሩት።

«አንተ፣ ከረሜላ ትወዳለህ እንዴ?»