መልሱ ስላማረ ብቻ መድረኩን ለይቷል አይባልም
«ለአጭር የጽሑፍ መልእክት ነው ብዬው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሉ ጽሑፍ የሚደምቅበትን የኮከብ ምልክት ትቶ ከመለሰልኝ፣ መልሱ የሚነበብበትን መድረክ ለይቷል ማለት አይደለም?» አይደለም፤ ምንም ሳይነገረውም እንደዚያው ሊመልስ ይችል ነበርና። እኛ ደብረ ማርቆስ ላይ «ለበቆሎ ዩሪያ መቼ ይጨመራል?» የሚለውን ጥያቄ አንዲት ፊደል ሳንለውጥ፣ አንዴ ያለ ምንም መግለጫ፣ አንዴ ለድረ ገጽ፣ አንዴ ለአርሶ አደር ስልክ በአጭር መልእክት፣ አንዴም በድምፅ ለሚነበብ የስልክ መስመር እንደሆነ አድርገን፣ መልሱ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እያንዳንዱን ደጋግመን ጠየቅን። መግለጫው መልሱ የት እንደሚደርስ ብቻ መናገር አለበት፤ «ኮከብ አትጠቀም» ካለው የሚፈተነው ግምቱ ሳይሆን ታዛዥነቱ ነው። መግለጫውን ራሱን በማድመቂያው `**` እና በርዕስ ምልክቱ `#` ከጻፉትም ሞዴሉ ያንኑ ሊኮርጅ ይችላል፤ እኛም በዚህ ተሳስተን የመጀመሪያውን ዙር ጥለነዋል። ከሁሉ ያሳሰበኝ የአጭር መልእክቱ ውጤት ነበር፤ ምልክቶቹ ጠፍተው ርዝመቱ ግን ለድረ ገጽ ከተሰጠው መልስ እምብዛም አልቀነሰም። በአማርኛ ፊደል አንድ መልእክት የሚይዘው ክፍተትን ጨምሮ 70 ሆሄ ብቻ ስለሆነ፣ ያ መልስ ተቆራርጦ ገበሬው ዘንድ ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ምልክቱን ብቻ ሳይሆን ሆሄውንም ቁጠሩ።