የጠገራ ብር ዓመት አያታልልህ

«አዳማ ገበያ ጠገራ ብር አገኘሁ። 1780 ይላል። ከ240 ዓመት በላይ የቆየ ብርቅ ነው አይደል?»

የግድ አይደለም፣ ወንድሜ። 1780 ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ነጋዴው የለመደውን መልክ ብቻ ስለሚቀበል ቪየና፣ ኋላም ሮምና ለንደን ዓመቱን ሳይቀይሩ አትመውታል። ስለዚህ ቁጥሩ ዕድሜውን አይነግርህም።

እውነተኛነቱን ግን ራስህ ልታየው ትችላለህ። ወርቅ ቤት አስመዝነው፤ 28 ግራም ገደማ መሆን አለበት፣ ስፋቱም 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ከዚያ ጠርዙን በብርሃን አዙረው። የላቲን ፊደላት ዙሪያውን ይታያሉ። ፊደል ከሌለው ወይም የሻጋታ መጋጠሚያ መስመር ካለው፣ ቀልጦ የፈሰሰ ሐሰተኛ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። መፋቁንም ልብ በል፦ እጅ ለእጅ የዞረ ብር መጀመሪያ የሚያልቀው ከፍ ያለው ቦታ፣ ፀጉሯና ትከሻዋ ላይ ነው። ጎድጓዳው ሁሉ እኩል ከደበዘዘ አትግዛው።