ማግኔት ያልሳበው ጠገራ ሁሉ «መቶ በመቶ» አይባልም

አንዳንድ ሰው ጠገራውን በማግኔት ሞክሮ እንዲህ ይላል፦ «ማግኔት አልሳበውም፣ 1780 ይላል፤ መቶ በመቶ የጥንት ጠገራ ብር ነው።»

በአክብሮት ለማረም ያህል፣ ናስንም መዳብንም ማግኔት አይስባቸውም። 1780 የሚለው ዓመትም በጠገራው ላይ ምስላቸው ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ካረፉ በኋላ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጭምር በለንደንና በሮም በተመቱት ላይ ሳይለወጥ የቀረ ስለሆነ፣ በእርሱ የተማመነ ገዢ ለቅርብ ጊዜ ምት የጥንት ዋጋ ሊከፍል ይችላል።

ብርነቱን ለመፈተን፣ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ ሚዛኑን ወደ ዜሮ ከመለሳችሁ በኋላ፣ ጠገራውን በክር አንጠልጥላችሁ ታች ሳይነካ አጥልቁት፤ 28 ግራም ገደማ የሚመዝነው ትክክለኛው ጠገራ 2.75 ግራም አካባቢ ሲያሳይ፣ በዚያው ክብደት ያለ ናስ 3.3 ገደማ ያሳያል።

ፍርዱም እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «ክብደቱና የውሃው ልኬት ስለተስማሙ ብርነቱን በከፍተኛ ደረጃ አምናለሁ፤ ሆኖም እርሳስ ያለበት ቅይጥ ተመሳሳይ ልኬት ሊሰጥ ስለሚችል ጨርሼ አልወስንም። በ1780 ስለመመታቱ ግን ይህ ምርመራ ምንም አያሳይም።»