ማኪያቶ የመሰለችው ልጅ

ደራሲዎቻችን ይባረኩ። ረሃባችንን ያውቃሉ። ልብ ወለዱን ገዝተን ቤት ገብተን ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ሴቲቱ ብቅ ትላለች። ቆዳዋ ቸኮሌት፣ ዓይኗ ማር፣ ከንፈሯ እንጆሪ። ምሳ ሳንበላ ጠገብን።

እኔ ግን ከሁሉ የማደንቀው «ቡና መሳይ ቆዳ» የሚለውን ነው። እንዴት ያለ ጥንቃቄ! ጥሬ ቡና አረንጓዴ ቢጤ ነው። ምጣድ ላይ ሲውል ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል፣ ካረረ ደግሞ ከሰል ነው። ወተት ከገባበትማ እንደ ቀጂው እጅ ነው። ልጅቷ ከዚህ ሁሉ የቱ ጋ እንዳለች አይነገረንም፤ ምጣዱ ላይ ትሁን ስኒው ውስጥ እኛው እንገምት። «ማር የመሰለች»ም ያው ነው። የትግራይ ነጭ ማር አለ፣ ቀይ ማርም አለ። ምርጫው የአንባቢው ነው። ዴሞክራሲ!

ደግሞስ ምን ያድርጉ? አማርኛ ድሃ ነው። ያለው ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ፣ ጥቁር ብቻ። (ብስል ቀይም አለ። እሱም ከማጀት የወጣ ይመስላል፤ ግን ሲሰማው ምራቁን የሚውጥ ሰው አላየሁም።)

የታሪክ አዋቂነታቸውንም አልረሳም። ካካዎ፣ ቡናና ስኳር በባርነት ወደ አሜሪካ አህጉር የተጋዙ አፍሪካውያን የደከሙባቸው ሸቀጦች ናቸው። ጥቁርን ሰው በዚያው ሸቀጥ ስም መጥራት እንዴት ያለ ማስታወሻ ነው!

አንድ ወዳጄ ግን ረቂቁን ሲያስነብበኝ ምግብ ነፈገኝ። እንዲህ ይላል፦ «ጠይም ናት። ክንዷ ከፊቷ ይጠቁራል። ሰዓቷን ስታወልቅ ፀሐይ ያልነካው መስመር አንጓዋ ላይ ይቀራል። መስኮቱ ጋ ስትቆም ጉንጯ ቀላ ይላል፤ የቢሮው መብራት ሥር ግን አመዳም ትመስላለች።»

ይህ ምኑ ድርሰት ነው? መጀመሪያ ሁላችን የምናውቀውን ስም ጠራ። ቀጥሎ ከጥይምናው ሥር ቅላት እንዳለ፣ መብራቱ ሲለወጥም ቆዳዋ እንዴት እንደሚለወጥ ነገረኝ። ልጅቷ ፀሐይ ላይ እንደምትውል ደግሞ ሳይናገር አሳወቀኝ። ሰውዬው በዓይኑ አይቷታል ማለት ነው፤ እኛ የለመድነው በምላስ ነው።

«ታዲያ ጣዕሟ ምንድን ነው?» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ።

ይባስ ብሎ አጠገቧ የተቀመጠውን ወንድ «ቀይ ነው፤ ሲናደድ አንገቱ ይጠቃቅራል» ብሎታል። የምናውቀው ደንብ እንዲህ አልነበረም። ጥቁሯ ቸኮሌት ትባላለች፣ ቀዩ ሰውዬ ዝም ይባላል፤ ያለ ቀለም የተወለደ ይመስል። ወንድን ሽሮ ያለ ደራሲማ እስካሁን አልገጠመኝም።

ለሌሎቹ ደራሲዎች አንዲት ቅሬታ ብቻ አለችኝ። ሁዳዴ ገብቷል። ማኪያቶዋ ልጅ ደግሞ ምዕራፍ አራት ላይ ትጠብቀኛለች። የጾም ትሁን የፍስክ፣ እባካችሁ ሽፋኑ ላይ ጻፉልን።