«ቤተሰቡ ውስጥ የለም» ስለተባለ ብቻ ካንሰሩ አልተወረሰም አይባልም

«በቤተሰቡ ውስጥ በዚህ ካንሰር የታመመ ሰው ከሌለ፣ የታመመውም አንድ ዓይን ብቻ ከሆነ፣ በሽታው በዘር የመጣ አይደለም። ወላጆች አላስፈላጊ ምርመራ ፍለጋ ባይንከራተቱ ይሻላል።»

ይህን ያሉት ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ የጤና ዝግጅት ላይ የቀረቡ ሐኪም ናቸው። የተነሣው ጉዳይ ሬቲኖብላስቶማ፣ ማለትም በሕፃናት ዓይን ሬቲና ላይ የሚበቅለው ካንሰር ነበር። አዘጋጁ አመስግኖ ወደ ሙዚቃ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም። ንግግሩ ወላጅን የሚያረጋጋ ይመስላል፤ ስሕተት ነው። ስሕተትነቱም ትናንት የተገለጠ ሳይሆን ከ50 ዓመታት በላይ ሲታወቅ የቆየ ነው። በዚህ ስሕተት ምክንያት ዓይኑን የሚያጣው ደግሞ ተናጋሪው ሳይሆን ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነው።

ከደካማው አነጋገር፣ ማለትም «ቤተሰቡ ውስጥ ከሌለ አልተወረሰም» ከሚለው ልጀምር። ሬቲኖብላስቶማ ከያዛቸው ዐሥር ሕፃናት መካከል አራቱ ገደማ አርቢ-1 የተባለው ዘረመል በመላ ሰውነታቸው ሕዋሳት ውስጥ ከሁለቱ ቅጂዎቹ አንዱ ተበላሽቶ ነው የሚወለዱት። ከዐሥሩ ውስጥ ታማሚ ዘመድ ያለው ግን አንድ ገደማ ብቻ ነው። የቀሩት ሦስቱስ? ጉዳቱ የጀመረው በእነርሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአባትየው የዘር ፍሬ ውስጥ አዲስ የተፈጠረ ስሕተት ነው፤ አባትየውም እናትየውም በደማቸው ውስጥ የላቸውም። ልጁ ግን አለው፤ ለልጆቹም ያወርሰዋል። እንግዲህ «ከዘመድ የታመመ አለ?» ብሎ ጠይቆ «የለም» ሲባል መዝገቡን የሚዘጋ ሐኪም ከአራቱ ሦስቱን አሳልፏል። ከአራት ሦስቱን የሚያሳልፍ ጥያቄ የምርመራ መጀመሪያ እንጂ መደምደሚያ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው አነጋገር፣ ማለትም «አንድ ዓይን ከሆነ አልተወረሰም» የሚለው፣ ጠለቅ ያለ መልስ ይፈልጋል። መልሱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 የሰጠው በሂዩስተን ይሠራ የነበረው የሕፃናት ሐኪም አልፍሬድ ኑድሰን ነው። በእጁ የዘረመል መመርመሪያ መሣሪያ አልነበረም፤ አርቢ-1 የሚባል ዘረመል መኖሩንም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የነበረው የ48 ሕሙማን መዝገብ ነው። ሕፃናቱን ሁለቱም ዓይናቸው የታመመና አንድ ዓይናቸው ብቻ የታመመ ብሎ ለየ። ከዚያም በየወሩ ዕድሜ ገና በሽታው ያልታወቀባቸው ስንት እንደሚቀሩ በሎጋሪዝም ሚዛን በወረቀት ላይ ነደፈ። የሁለት ዓይን ሕሙማን ነጥቦች ቀጥ ባለ መስመር ወረዱ። የአንድ ዓይን ሕሙማን ነጥቦች ግን መጀመሪያ ዘገየት ብለው ኋላ እየታጠፉ ወረዱ። ቀጥ ያለ መስመር የሚገኘው አንድ ድንገተኛ ክስተት ብቻ ሲጠበቅ ነው። የታጠፈው የሚገኘው ሁለት ክስተቶች ተራ በተራ መድረስ ሲኖርባቸው ነው። የሁለት ምት ሐሳብ የተባለው ይህ ነው። ዘረመሉ ከእናትና ከአባት የመጡ ሁለት ቅጂዎች አሉት፤ ዕጢ የሚበቅለው ሁለቱም በአንድ ሕዋስ ውስጥ ሲበላሹ ነው። ወራሹ ልጅ የመጀመሪያውን ምት ከፅንሰት ይዞ ስለመጣ የሚጠብቀው አንድ ብቻ ነው። ሌላው ልጅ ሁለቱንም በሬቲናው ውስጥ፣ ያውም በአንዲት ሕዋስ ላይ ማግኘት አለበት። የመጀመሪያዎቹ በአማካይ በአንድ ዓመታቸው ገደማ፣ ሁለተኛዎቹ በሁለት ዓመታቸው ገደማ የሚታወቁትም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስሌቱን በዝግታ እንየው፤ የሬዲዮውን ንግግር ከሥሩ የሚነቅለው እርሱ ነውና። ለምሳሌ ያህል በማደግ ላይ ባሉት የአንድ ልጅ ሁለት ሬቲናዎች ውስጥ በድምሩ ሦስት ሚሊዮን ተከፋፋይ ሕዋሳት አሉ እንበል፤ በእያንዳንዱ ላይ ምት የመድረስ ዕድሉም ከሚሊዮን አንድ ነው እንበል። ወራሹ ልጅ የመጀመሪያውን ምት በሁሉም ሕዋሳቱ ስለያዘ በአማካይ ሦስት ዕጢዎች ይጠብቁታል። ኑድሰንም ከመዝገቡ ያገኘው አማካይ ሦስት ነበር። ሦስት ግን አማካይ ነው፤ አንዱ ልጅ አምስት፣ ሌላው አንድ፣ ሌላውም ምንም ላያገኝ ይችላል። ዕጢዎቹ በሁለቱ ዓይኖች ላይ በዕጣ የሚወድቁ ከሆነ ለእያንዳንዱ ዓይን በአማካይ አንድ ተኩል ይደርሰዋል፤ አንድ ዓይን ጨርሶ የመትረፍ ዕድሉም 22 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከመቶ ወራሾች 60 ያህሉ በሁለቱም ዓይን ይታመማሉ፤ 35 ያህሉ በአንድ ዓይን ብቻ፤ አምስቱ ደግሞ ሳይታመሙ ያድጋሉ። በኋላ የተሰበሰቡ ቁጥሮች ወደ ሁለቱም ዓይን የበለጠ ያዘነብላሉ፤ የአንድ ዓይን ወራሾች መኖራቸውን ግን አንዳቸውም አልሻሩትም። ዛሬ አንድ ዓይናቸው ብቻ ከታመመ ሕፃናት መካከል ከመቶ 15 ያህሉ ጉዳቱን በደማቸው ይዘው ይገኛሉ። የአንድ ዓይን ሕመም የውርስ አለመኖር ማስረጃ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ የዕጣ ውጤት ነው።

አምስቱን ሳይታመሙ ያደጉትንም እንዳንረሳቸው። አያት ታሞ፣ አባት ጤነኛ ሆኖ፣ ልጅ ሲታመም «ትውልድ ዘለለ» ይባላል። አባትየው ግን ወራሽ ነበር፤ ከሕዋሳቱ በአንዷም ላይ ሁለተኛው ምት ሳይደርስ አምልጧል። ይህን አባት «ጤነኛ ነህ፣ ሂድ» ብሎ ማሰናበት ልጁን አብሮ ማሰናበት ነው።

ባልወረሰው ልጅ ላይ ያንኑ ስሌት ብንሞክር ሁለቱ ምቶች አንዲት ሕዋስ ላይ የመገናኘት ዕድላቸው ከሚሊዮን ሚሊዮን አንድ ይሆናል፤ በሦስት ሚሊዮን ሕዋሳት ሲባዛ ከሚሊዮን ሕፃናት ሦስቱ ብቻ ይታመማሉ ማለት ነው። እውነታው ከዚህ ይበልጣል፤ የተወረሰውና ያልተወረሰው አንድ ላይ ከ15 ሺሕ እስከ 20 ሺሕ ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱን ይይዛል። ልዩነቱ የመጣው የመጀመሪያው ምት የደረሰባት ሕዋስ ተከፋፍላ ብዙ ልጆች ስለምታፈራ ነው፤ ሁለተኛው ምት የሚጠብቀው አንዲት ሕዋስ ሳይሆን የእርሷን ዘር በሙሉ ነው። እንዲህም ሆኖ ባልወረሰ ልጅ ላይ ሁለት የተለያዩ ዕጢዎች መብቀል ዘበት ነው። ሁለቱም ዓይኑ የታመመ ልጅ፣ የታመመ ዘመድ ኖረውም አልኖረውም፣ ወራሽ ተደርጎ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ የቀረ ግምት ነው የሚል ካለ 1983ን ያስታውስ። በዚያ ዓመት ዌብስተር ካቨኒና ባልደረቦቹ የሕሙማንን ደምና ዕጢ ጎን ለጎን አስቀምጠው 13ኛውን ክሮሞዞም መረመሩ። በደሙ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ይታያሉ፤ በዕጢው ውስጥ ግን አንዱ ጠፍቷል። ሁለተኛው ምት ብዙውን ጊዜ ጤነኛውን ክሮሞዞም ወይም ቁራጩን አስወግዶ በቦታው የተበላሸውን ቅጂ ይደግመዋል። በ1986 ዘረመሉ ራሱ ተለይቶ ወጣ። በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ሲታይ ከአንድ ወላጅ በቂ ሆኖ የሚወረስ የሚመስለው፣ በሕዋስ ውስጥ ሲታይ ግን የሁለቱንም ቅጂ መበላሸት የሚጠይቀው ለምን እንደሆነ ከዚያ ወዲህ የሚያከራክር ነገር የለም።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። አንድ ዓይናቸው ከታመመ ሕፃናት መካከል እጅግ ጥቂቶቹ አርቢ-1 ሳይነካ ማይክ-ኤን የተባለ ሌላ ዘረመል በመባዛቱ ብቻ ይታመማሉ። እነዚህ በጣም ሕፃን ሆነው የሚታወቁና ከሁለቱ ምቶች ሕግ ውጪ የሆኑ ናቸው። ለሬዲዮው ንግግር ግን አንዳች ድጋፍ አይሆኑም፤ እነርሱንም ለይቶ ማወቅ የሚቻለው በዚያው «አላስፈላጊ» በተባለው ምርመራ ነውና።

አሁን ወደዚያ ምርመራ እንምጣ። ዓይኑ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ መጀመሪያ የዓይን ነርቩ ጫፍ ተቆርጦ ለብቻው ይቀመጣል፤ ካንሰሩ ወደ አንጎል አቅጣጫ መሄዱን የሚናገረው እርሱ ነው፤ ከዕጢው በወጡ ሕዋሳትም መበከል የለበትም። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ተከፍቶ ከዕጢው ጥቂት ትኩስ ናሙና ይወሰዳል። የቀረው ፎርማሊን በተባለው ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል። በዚያ ናሙና ውስጥ ሁለቱ ምቶች ተፈልገው ከተገኙ፣ ቀጥሎ በልጁ ደም ውስጥ እነዚያው ይፈለጋሉ። በደሙ ከሌሉ ውርስ የመሆን ዕድሉ እጅግ ይወርዳል፤ ጉዳቱ በጥቂት የሰውነቱ ሕዋሳት ብቻ ተሰራጭቶ ሊሆን ስለሚችል ግን ጨርሶ ዜሮ አይሆንም። ወንድሞቹና እኅቶቹም በማደንዘዣ ከሚደረግ ተደጋጋሚ የዓይን ምርመራ ይድናሉ። ሐኪሙ ወላጆችን ከእንግልት ማዳን ከፈለጉ መንገዱ ይህ ነበር። ናሙናው ሁሉ ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ግን ዘረመሉ እየተቆራረጠ ይሄዳል፤ ጥያቄውም ሳይመለስ ይቀራል።

«እንዲህ ያለው ምርመራ እኛ አገር የት ይገኛል?» የሚለኝ አይጠፋም። በቀላሉ እንደማይገኝ አውቃለሁ። በማይገኝበት ጊዜ ሐኪም ማድረግ ያለበት ልጁ ወራሽ ሊሆን እንደሚችል ቆጥሮ መከታተል እንጂ «አይደለም» ብሎ መፍረድ አይደለም። የዓይን ብሌንን በጠብታ አስፍቶ ሬቲናውን በመብራት እስከ ጠርዙ ድረስ የሚያይ ባለሙያ የዘረመል ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም። ጤነኛው ዓይን በየጊዜው ካልታየ ሁለተኛው ዕጢ የሚታወቀው ብሌኑ ላይ ነጭ ነጸብራቅ ሲታይ ነው፤ ያኔ ዓይኑን ማትረፍ ብዙ ጊዜ አይቻልም። ወራሽ ልጅ ጨረር በዓይኑ ዙሪያ ሲሰጠው ደግሞ ጨረሩ ባረፈበት አጥንትና ሥጋ ላይ ከዓመታት በኋላ ሌላ ካንሰር የመነሣት አደጋው ይጨምራል። ሐኪሙ ወራሽ መሆኑን ካላወቀ ይህን እንዴት ይመዝነዋል?

በስምንት ወሯ አንድ ዓይኗ የወጣላትን ልጅ እናስብ። የታመመ ዘመድ የላትም፤ ሌላኛው ዓይኗ ጤነኛ ነው፤ «በዘር አይደለም» ተብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በሃያ አምስት ዓመቷ ትወልዳለች። በእርግጥ ጉዳቱን በደማቸው ከያዙት ከመቶ 15ቱ አንዷ ከነበረች ሕፃኑ ጉዳቱን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ዕጢው ሲወለድ ጀምሮ ወይም በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊኖር ይችላል። የምታውቅ ቢሆን ሕፃኑን በተወለደ በቀናት ውስጥ ለዓይን ሐኪም ታሳየው፣ ገና ትንሽ የሆነው ዕጢም በሌዘር ወይም በማቀዝቀዝ ይጠፋ ነበር። ያ ሐኪም በዚያው ዝግጅት ላይ ተመልሰው ቃላቸውን ማረም አለባቸው፤ ጣቢያውም ለዚህ ጊዜ መስጠት አለበት።